ስርዝ ድልዝ በቁጥር 61

ጅጅጋ ላይ «የኤልያብ ኮፒ ቤት የት ነው?» ብላችሁ የባጃጅ ሹፌር ብትጠይቁ ያደርሳችኋል፤ ስትወርዱ ደግሞ «የሚላችሁን ሁሉ እንዳታምኑ» ብሎ ይመክራችኋል። አልቀየመውም። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ኮፒ ማሽን ስር ያደግኩ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ማሽኑ በሙቀት አብዶ የአንድ ነጋዴ መታወቂያ ሁለቴ ሲያወጣ ነጋዴውም ሁለት ሆኖ በሩን ወጣ ብዬ አውርቼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሁለተኛውን ሰውዬ ሊያይ የመጣ ሰው ደጄን አጣቦት ነበር። አንዱ እንዲያውም አይቼዋለሁ ብሎ ምሏል።

ይሄኛውን ግን እንደዚያ አትስሙብኝ። በዚህኛው ሰው ሊሞት ነበር፣ ገዳዩም እኔ ነበርኩ።

ሥራ ሲቀዘቅዝ የቁጥር በረት እሠራለሁ። ለማታውቁት ልንገራችሁ። አምስት በአምስት የሆነ ካሬ አለ፣ ሃያ አምስት ቤት። በእያንዳንዱ ረድፍና በእያንዳንዱ ዓምድ ከአንድ እስከ አምስት ያሉት ቁጥሮች ሳይደገሙ ይገባሉ። ቤቶቹ ደግሞ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ በወፍራም መስመር ይታጠራሉ። አጥሩን እኔ በረት እለዋለሁ፤ ደንበኞቼ በሶማሊኛ «ሄሮ» ይሉታል፣ ያው የግመሉ የፍየሉ በረት ነው። በየበረቱ ጥግ ቁጥርና ምልክት ይጻፋል። 15 ከማባዣ ጋር ካለ፣ ውስጥ ያሉት ተባዝተው 15 ይሆናሉ ማለት ነው። 3 ከመደመሪያ ጋር ካለ ተደምረው 3። መቀነስና ማካፈል ከሆነ ትልቁን ታስቀድማላችሁ። ብቻውን የታጠረ ቤት ካለ ቁጥሩ ራሱ መልሱ ነው፣ ስጦታ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሠራሩ ከአፈታቱ ይቀላል። መጀመሪያ ካሬውን በትክክል እሞላለሁ፣ ከዚያ አጥራለሁ፣ ደምሬ አባዝቼ ጥጉ ላይ እጽፋለሁ፣ ቁጥሮቹን አጠፋለሁ። በየሳምንቱ አንድ ወረቀት፣ በተራ ቁጥር። ግድግዳዬ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ሁሉ እርሳስ እየተዋሰ ይተክዛል።

አንድ ቀን ደሃቦ የምትባል ሴት ከአዲጋላ ድረስ አባቷን ይዛ መጣች። ስትሮክ መትቷቸው ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። ካርዳቸውን ኮፒ ልታስደርግ ነው የገባችው። አባቷን ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ አዴር ሱጉሌ ይባላሉ፣ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። አንደበታቸው ተይዟል፣ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተረሳ ጓንት ተጥሏል። የድሮው ባቡር በሚሄድበት ዘመን የአዲጋላ ጣቢያ ጸሐፊ ነበሩ።

«ሁለት ወር ሆነው፣» አለችኝ። «ምግብ እንቢ ይላል። አፉን ይገጥማል። ጨርሼአለሁ ነው የሚለው።»

 ዞር ስል ሰውየው ግድግዳው ላይ ያለውን በረት ያያሉ። አንስቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው፣ ግራ እጃቸው ውስጥ እርሳስ ከተትኩ። ካርዱ ኮፒ ሆኖ፣ ሻይ መጥቶ፣ ሻይ ቀዝቅዞ፣ ምናምን ሆኖ ሲያበቃ ሃያ አምስቱንም ቤት ሞልተውት አገኘናቸው። ቁጥሮቹ ጠማማ ናቸው እንጂ አንድም ስህተት የለባቸውም። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ደሃቦ ከቦርሳዋ ብስኩት አውጥታ አጎረሰቻቸው፤ እሷ እያለቀሰች እሳቸው ብስኩቱን ጨረሱት።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ሆነ። ጠዋት ጠዋት አንድ በረት ትሰጣቸዋለች። ሃያ አምስቱንም ሞልተው ሲዘጉት ይበላሉ፣ መድኃኒታቸውን ይውጣሉ። ሳይዘጉ አይበሉም። አሮጌዎቹን በየቀኑ እየደጋገመች፣ አዲሱን በየሳምንቱ በመኪና እየላክሁላት፣ ሰውየው ጉንጭ አወጡ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ እንምጣ።

ዐብዲናስር የሚባል መሐንዲስ ደንበኛ አለኝ። ያዘዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ በረቴን ይፈታና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ይወረውራል። «ወሪያ ኤልያብ፣ ይሄ ለሕፃናት ነው ወይስ ለበግ?» ይለኛል ሰው ፊት። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሃያ ሳምንት። እኔም ሰው ነኝ። ቁጥር 61ን ስሠራ አንዱን ቅጂ ወስጄ፣ በላይኛው ቀኝ ጥግ ያለው በረት ላይ በኮምፒውተር የተጻፈውን 9 በፍሉድ አጠፋሁና በእስክሪብቶ 10 ጻፍኩበት። አሁን የመላእክት ጉባኤ ቢጠራ አይፈታም። አንድ ጤነኛ ቅጂ ለአዲጋላ፣ አንድ የተመረዘ ለመሐንዲሱ። ብቻዬን ሳቅኩ። ማሽኑም አብሮኝ የሳቀ መሰለኝ።

በማግስቱ ዐብዲናስር መጣ፣ ሻይ አዘዘ፣ ወረቀቱን አነሳ። እኔ ማሽኑ ጀርባ ተደብቄ አፌን በእጄ ይዣለሁ።

«ይኸው፣» አለ። የሻዩ እንፋሎት ገና እየወጣ ነበር። «ለበግ ነው።»

የማይቻለውን ቻለው! አንድ ቀን ሙሉ ጂን አለበት ብዬ አመንኩ፣ ለሁለት ሰውም አወራሁ። ወረቀቱን ገልጬ ጥጉን ማየት እንኳ አልታሰበኝም። ሐሙስ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ኤልያብ፣ ምንድነው የላክህልኝ?» ደሃቦ ናት።

«ስልሳ አንድ ነዋ። ምነው?»

«ማክሰኞ ጠዋት ሰጠሁት። እስካሁን አልዘጋም። እስካሁን አልበላም። ውሃ ብቻ ነው። ሌላ በረት ስሰጠው ይጥለዋል። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይሆንም ብለውኛል፤ እሱንም አቁሟል። ትናንት እኔ ራሴ ዝም ብዬ ቁጥር ሞላሁበትና ‹ይኸው አልቋል፣ ብላ› አልኩት። አየኝ። ዓይኑን ብታይ! ላጲሱን አንስቶ የጻፍኩትን ሁሉ አጠፋው።»

እጄን ወደ መሐንዲሱ ወረቀት ሰደድኩ። ጥጉ ላይ፣ ንጹሕ የኮምፒውተር 9።  የተመረዘው አዲጋላ ሄዷል።

«ደሃቦ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊው።» አደረገችው። «አዴር ሱጉሌ! ኤልያብ ነኝ! ወረቀቱ ስህተት ነው፣ አይፈታም፣ ተዉት፣ ብሉ!» ብዬ ጮህኩ።

 ከዚያ የደሃቦ ድምፅ መጣ፦ «ወደ ግድግዳው ዞረ።»

ገባኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሐኪሙም ጎረቤቱም «ነገ ትናገራለህ፣ ነገ ትሄዳለህ» እያለ የዋሸው ሰው ነው። አሁን ደግሞ የጅጅጋ አንደኛ ውሸታም በስልክ «ስህተት ነው፣ ብላ» ይለዋል። ማን ያምናል? እኔ ብሆን እኔን አላምነኝም።

«ምን ዓይነት ስህተት ነው?» አለችኝ።

«የማሽን፣» አልኩ። እንዲያ ነው ያልኩት። «የማሽን ስህተት።»

ዓርብ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሳሁ። ጤነኛውን 61 አዲስ አትሜ፣ በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ ብብቴ ውስጥ ይዣለሁ። በሐረር በኩል ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ሽንሌ፤ ከዚያ ወዲያ ሰውም ጀሪካንም ፍየልም አንድ ላይ የጫነ መኪና። ሌላ ጊዜ ብሆን ስለዚያ መንገድ ስንት አወራችሁ ነበር። ያን ቀን አቧራውን እንኳ አላየሁትም። መኪናው በቆመ ቁጥር ቀናቱን እቆጥራለሁ፤ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ሹፌሩ ሽንሌ ላይ ወርዶ ከሰው ጋር ወግ ሲጀምር ጡሩንባውን ራሴ ነፋሁት።

«ምንድነው፣ ሚስትህ ልትወልድ ነው?» አለኝ።

«ሰው ልገድል ነው!» አልኩት። ሳቀ። እውነት ስናገር ነው ሰው የሚስቅብኝ።

አዲጋላ ስደርስ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የደሃቦን ግቢ አየሁት። ሴቶች ጥላው ስር ተቀምጠዋል፣ አንድ ሼክ ቁርአን ይቀራሉ፣ ጫማ በሩ ላይ ተከምሯል። አለቀ አልኩ፤ ደረስክ ኤልያብ፣ ለቀብር።

ደሃቦ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። «በሕይወት አለ፣» አለችኝ። «ግን ቀኑን ነግሮናል።»

«የምን ቀን?»

«የሚሞትበትን።» ግራ እጇን አነሳች፤ አምስት ጣት፣ ከዚያ አራት። «ከማክሰኞ ጀምሮ እንዲህ ያደርጋል። አምስት፣ አራት። ዘጠኝ ቀን ቀረኝ ማለቱ ነው አሉ ትልልቆቹ። ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል። ዛሬ ግን ዘጠኙም የሚበዛበት ይመስለኛል፤ እጁን ማንሳት አቅቶታል።»

ገባሁ። ሰውየው ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ያ ያወጡት ጉንጭ ተመልሶ ገብቷል፣ ከንፈራቸው እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ጭናቸው ላይ የእንጨት ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ የእኔ ወረቀት። አጠገባቸው አንድ ቀጭን ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ዐብዲጀባር ይባላሉ፣ በጣቢያው ሐዲድ ቀያሪ የነበሩ፣ ከሽንሌ ዛሬ ጠዋት ሊሰናበቱ የመጡ።

«አሰላሙ አለይኩም አዴር ሱጉሌ። ኤልያብ ነኝ፣ በረት ሠሪው።»

ዓይናቸው ብቻ ዞረ። እኔ ፈጥኜ አዲሱን ወረቀት አወጣሁ። «ይኸው፣ ትክክለኛው። ያኛው ተበላሽቶ ነው። ይሄን ይፍቱና ይብሉ።»

በግራ እጃቸው ተቀበሉኝ።  ከላይ የተጻፈውን ቁጥር 61 አነበቡ። የራሳቸውን አዩ፣ እሱም 61። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ፣ አዩአቸው፣ ከዚያ የእኔን አዲሱን ገልብጠው በአፉ ደፉትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያ አላህ!» አሉ ዐብዲጀባር። «አንተ ልጅ ምን አደረግህ? ሁለት ወረቀት በአንድ ቁጥር ለሱጉሌ ትሰጣለህ?»

«ምናለበት?»

«ምናለበት ይላል! አንዱ ሐሰተኛ ነው ማለት ነዋ። ይሄ ሰው በአንድ መዝገብ ላይ የተደለዘ ቁጥር አግኝቶ ባቡር አስሮ ያውቃል። የጎረቤት ጣቢያ ጸሐፊ ሰዓቱን ፍቆ ሌላ ጻፈበት፣ አልፈረመበትም። ሱጉሌ ‹የጻፈው መጥቶ ይፈርም› አለ። ሹፌሩ ለመነ፣ ተሳፋሪው ተሳደበ። ጸሐፊው በእግሩ እስኪመጣ ሰባት ሰዓት ቆምን። ፍየሎቹ ከፉርጎው ወርደው በልተው ተመለሱ።»

እኔ ብሆን ሰባት ቀን እል ነበር። ግን የሽማግሌው ፊት የሚያጋንን ሰው ፊት አልነበረም። ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው፦ «ታዲያ ደንቡ ምን ነበር?»

«ስርዝ ድልዝ ካለ የጻፈው ሰው ራሱ ይሰርዘዋል። በአንድ መስመር፣ የተሰረዘው እንዲነበብ። ትክክለኛውን ከጎኑ ይጽፋል። ምክንያቱን ይጽፋል፣ ይፈርማል። ሌላ ሰው እጁን አያስገባም፣ ንጉሥም ቢሆን። ያለዚያ መዝገቡ አይዘጋም፣ ፈረቃም አይወረድም።»

«ታዲያ ይሄን ለምን ቀድመው አልነገሩንም?» አለች ደሃቦ።

«የእናንተን በረት እኔ የት አውቄ! ቀን የሚቆጥር ነው የመሰለኝ።»

ያኔ ነው የሰውየውን ወረቀት መጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት። ከታች ያሉት ሦስት ረድፎች ተሞልተዋል፣ በዚያ ጠማማ የግራ እጅ ጽሕፈት፦ 1 5 3 4 2፤ 2 3 4 5 1፤ 4 2 1 3 5። አንድም እንከን የለም። ከላይ ያሉት ሁለት ረድፎች ባዶ ናቸው። ባዶ ብቻ አይደሉም፤ በላጲስ ብዛት ወረቀቱ ሳስቶ ጣውላው ይታያል። ማክሰኞ እየጻፉ እያጠፉ፣ ረቡዕ ደሃቦ የሞላችውን እያጠፉ። በኅዳጉ ደግሞ ከጉንዳን ባነሰ ፊደል የተጻፈ ስሌት አለ። ጎንበስ ብዬ ተከተልኩት፣ ለደሃቦም ጮክ ብዬ እያነበብኩ።

«አየሽ፣ በቀኝ ጫፍ ዓምድ ታች 2፣ 1 እና 5 አሉ። ለላይኞቹ ሁለት ቤቶች የቀሩት 3 እና 4 ናቸው። ተደምረው ሰባት። እሺ? አራተኛው ዓምድ ታች 4፣ 5፣ 3 አለው፤ ለላይ የቀሩት 1 እና 2። ሦስተኛው ዓምድ ታች 3፣ 4፣ 1፤ የቀሩት 2 እና 5። አሁን እዚህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ በመደመር 3 የሚል በረት አለ፣ አንዱ ቤት ሦስተኛው ዓምድ ላይ፣ አንዱ አራተኛው ላይ። ሦስተኛው ላይ 5 ከገባ ያልፋል፤ ስለዚህ 2 ነው። አራተኛው ላይ 1። ስለዚህ ከ1 በላይ ያለው ቤት 2 ነው። ይሄ ጥግ ያለው በረት ያንን 2 እና የቀኙን ሰባት ነው የያዘው። ሁለትና ሰባት...»

«ዘጠኝ፣» አለች ደሃቦ።

ወረቀቱ ግን 10 ይላል።

አምስት ጣት፣ አራት ጣት። ደሃቦ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሰውየው የሚሞቱበትን ቀን አልነበረም የሚነግሩን። ማክሰኞ ዕለቱን ፈትተውታል። 10 የተባለው 9 መሆኑን አውቀዋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ አውቀዋል፤ አንድ ጭረት ቢያደርጉበት ይዘጋ ነበር። ግን ቁጥሩ የሰው ነው። የጻፈው መጥቶ እስኪፈርም አፋቸውን ገጥመው ጠበቁት።

«አቦ!» አለች እጃቸውን ይዛ፣ አባቴ ማለቷ ነው በሶማሊኛ። «ዘጠኝ ነው? ዘጠኝ ልትለኝ ነበር?»

ዓይናቸውን ከፈቱ። አዩአት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

እስክሪብቶዬን መዘዝኩ። 10ን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፣ ከጎኑ 9 ጻፍኩ። ከስሩ «የኮፒ ማሽን ስህተት» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ በረጅሙ፣ በባንክ ፊርማዬ። ደሃቦ ሮጣ የማሽላ አጥሚቱን ይዛ መጣች። ሰሌዳውን አቀረብኩላቸው።

አነበቡ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ግራ ጣታቸውን አነሱ፣ በስንት ትግል፤ መጀመሪያ ከመሀል ያለው በረት ላይ አኖሩት፣ እሱም በመደመር 10 ነው። ከዚያ እየጎተቱ ወደ እኔ 10 ወሰዱት። የመሀሉ 10 የኮምፒውተር ነው፣ ቀጥ ያለ። የእኔ 10 በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ዜሮው ሆዳም፣ ስሩ የፍሉድ እብጠት ያለበት። ተመልሰው ወደ መሀሉ፣ ተመልሰው ወደ እኔ። ከዚያ እጃቸው ወደቀ፤ አፋቸውን ገጠሙ።

ማሽን በእስክሪብቶ አይጽፍም። ይሄን ለማወቅ ስምንተኛ ክፍል እንኳ አያስፈልግም።

«ምን ይላል?» አለች ደሃቦ። ማንኪያው እጇ ላይ ተንጠልጥሏል። «ፈርመሃል አይደል? ለምን አይወስድም? ኤልያብ፣ ለምን?»

«እ... ምናልባት ቀለሙ...»

«ምክንያቱን ነው የማይቀበለው፣» አሉ ዐብዲጀባር፣ አፍንጫቸውን ወረቀቱ ላይ አስጠግተው። «ይሄን አንተ በእጅህ ጽፈኸዋል። ለምን ጻፍከው?»

 ሼኩ መቅራታቸውን አቆሙ፣ ወይ ለእኔ እንዲያ መሰለኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ውሸት በአንዴ አፌ ላይ መጥቶ አያውቅም፤ ማሽኑ ተበላሽቶ በእጅ አስተካክዬ፣ ዓይኔ ታሞ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አንዱ ከአንዱ ያምራል። ሰውየውን አየኋቸው። ደረታቸው ከፍ ዝቅ የሚለው እንደ ሩቅ ነገር ነው፤ ከፍ ይላል፣ ይቆያል፣ ይቆያል፣ ዝቅ ይላል። በእያንዳንዱ ቆይታ ላይ ደሃቦም አብራ ትቆማለች።

«የማሽን ስህተት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፣ እንዲነበብ አድርጌ። ከስሩ ጻፍኩ። ደሃቦ በትከሻዬ ላይ ሆና ቃል በቃል አነበበችው፦

«ትክክለኛው... 9 ነበር። እንዳይፈታ... ሆን ብዬ... በሰው ለመሳቅ... 10 አደረግሁት። ኤልያብ።»



«በአባቴ?» አለች።

«በእሳቸው አይደለም! ጅጅጋ ያለ አንድ መሐንዲስ ነው፣ ዐብዲናስር የሚባል፣ ወረቀቶቹ ተቀያይረው—»

«ሦስት ቀን አባቴን ስቀብር ከረምኩ። ስልክ ላይ ማሽን ነው አልከኝ። ዘመድ ጠራሁ። አንተ ለመሳቅ?»

በሳህኑ ያለው የአባቷ አጥሚት ባይሆን ኖሮ ፊቴ ላይ ትደፋው ነበር። አልደፋችውም፤ አባቷ ያስፈልጋቸዋል። «ወላሂ፣» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እሱ ካልበላ ከዚህ ግቢ አትወጣም።» በሩ ላይ የነበሩት ሰዎች ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ገቡ። ዐብዲጀባር ምርኩዛቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ።

አዴር ሱጉሌ ያነብባሉ። ረጅም ጊዜ አነበቡ፤ ሁለት መስመር ለማይሞላ ነገር ግማሽ ሰዓት የፈጀባቸው መሰለኝ። ፊታቸው ላይ ግማሹ አይንቀሳቀስም፣ የሚንቀሳቀሰውም ግማሽ ምንም አይናገርም። ከዚያ የግራ መዳፋቸውን ገለበጡ። ባዶ መዳፍ።

«እርሳስ!» አለች ደሃቦ። «እርሳስ ስጡት!»

ሰጠናቸው። ሦስት ቀን ያልበላ ሰው አስር ቤት መሙላት አለበት። መልሱን ሁላችንም አውቀነዋል፤ እኔ በጭንቅላቴ ጨርሼዋለሁ፤ አንድም ልረዳቸው አልችልም። ከላይ እንደነገርኳችሁ የሰው እጅ ከገባበት አለቀ።

በሁለተኛው ረድፍ 2 ጻፉ። አጠገቡ 1። ከ1 በላይ 2። እርሳሱ ያችን የሳሳች ወረቀት ሊበሳት ይደርሳል። ሦስተኛው ዓምድ ላይ የቀረውን 5 ከላይ አኖሩ። ያ 5 ስለገባ በመጀመሪያው ዓምድ ላይኛው ቤት 3 ነው፣ ከስሩ 5፤ ተደምሮ ስምንት፣ በረቱ 8 ይላል። ስድስት ቤት። እርሳሱ ወደቀ።

 ላነሳው ስል ዐብዲጀባር በምርኩዝ እጄን መቱኝ። ሰውየው በጣታቸው አልጋ ልብሱ ላይ ፈለጉት። አገኙት። አጡት። ደረታቸው ከፍ አለና ቆየ፤ ደሃቦ «አቦ፣ አቦ» አለች፤ ዝቅ አለ። እንደገና አገኙት።

ከላይ በቀኝ ጥግ 4። ከስሩ 3። የሁለቱ ሰባት፣ ከጎኑ ካለው 2 ጋር ዘጠኝ። የእኔ 9። በሁለተኛው ዓምድ ከላይ 1፣ ከስሩ ደግሞ የመጨረሻው ቤት። እዚያ ላይ ቆሙ። እርሳሱ ቤቱ ላይ አርፎ አይሄድም። እንዴት ያለ አራት ነው፣ አንድ አራት፣ ሦስት ጭረት! ያቺን 4 ለእሳቸው ብዬ በጥርሴ ጽፌአታለሁ፣ በሆዴ ጽፌአታለሁ። መጀመሪያ ወደ ታች ሄደ። ቆመ። ወደ ጎን ሄደ። ቆመ። ከዚያ የመጨረሻዋ ጭረት፣ ከቤቱ አልፋ በረቱን ሰብራ ወጣች እንጂ አራት ነበረች።

አንድና አምስትና አራት፣ አስር። ያኛው 10 ትክክለኛ ነው። ተዘጋ።

እርሳሱን ራሳቸው አስቀመጡት። ወረቀቱ ግርጌ፣ ከእኔ ስም ስር፣ የሆነ ነገር ጫሩ፤ የድሮ ፊርማቸው ነው አሉ ዐብዲጀባር። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

ደሃቦ የመጀመሪያውን ማንኪያ ስታስገባ ግማሹ ፈሰሰ። ሁለተኛው ገባ። ጉሮሯቸው ሲወርድና ሲወጣ እያየን ነበር፣ ሃያ ሰው የአንድ ሰው ጉሮሮ ያያል። እኔ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ስሸሽ ሰውየው እያላመጡ ዓይናቸውን ጣሉብኝ፤ ቆምኩ። ሦስተኛ ማንኪያ። አራተኛ። አንድም ጊዜ ከእኔ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። በአምስተኛው ላይ ደሃቦ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ቁጭ በል፣» አለችኝ። «ሳህኑ እስኪያልቅ ትጠብቃለህ።»

ተቀመጥኩ። ጠበቅኩ።